ቀን የተቆረጠለት ዕቃ፦ ቅድመ ትዕዛዝንና ተጠባባቂ ትዕዛዝን በክምችት መዝገብ ላይ ስለመያዝ

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

ዛሬ የምናገረው ገና እጃችን ስላልገባ፣ ነገር ግን ለደንበኛ «እስከዚህ ቀን ይደርስዎታል» ብለን ቀን ስለቆረጥንለት ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ትዕዛዝ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ዘወትር የምንሸጠው ዕቃ አልቆ ሳለ ተመልሶ እንደሚገባ ተማምነን የምንቀበለው ትዕዛዝ ነው፤ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ባክ ኦርደር ይሉታል፣ እኔ ዛሬ ተጠባባቂ ትዕዛዝ እያልሁ እጠራዋለሁ። ሁለተኛው፣ ገና ለገበያ ላልዋለ ወይም ወደ መጋዘናችን አንድም ጊዜ ገብቶ ለማያውቅ ዕቃ አስቀድመን የምንቀበለው ቅድመ ትዕዛዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜዬን ለመጀመሪያው እሰጣለሁ፤ እርሱን በመዝገብ በደንብ የያዘ ሰው ለሁለተኛው የሚጨምረው ጥቂት ነገር ብቻ ነውና።

በአንድ ወቅት እሠራበት በነበረ መጋዘን የሆነውን ልንገራችሁ። የልብስ ስፌት መኪና አልቆ ነበር፤ ሽያጩ ግን አልቆመም። ሲስተሙ ክምችቱ ዜሮ ከደረሰ በኋላም ትዕዛዝ እንዲቀበል ተደርጎ ስለነበር ከወጪ ቀሪው ከዜሮ በታች እየወረደ ሄዶ ነጋቲቭ 15 ላይ ደረሰ። ያ ቁጥር 15 መኪና ለሰዎች እንዳለብን የሚናገር ብቸኛው ምልክት ነበር። ወሩ በገባ በ8ኛው ቀን የተለመደው ቆጠራ ተደረገ። ቆጣሪው መደርደሪያው ባዶ መሆኑን አይቶ ዜሮ ጻፈ፤ መዝገቡ ነጋቲቭ 15 ስለሚል ልዩነቱ እንዲስተካከል የማስተካከያ ቅጽ ተሞላ፤ ቅጹ ላይ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ። በ12ኛው ቀን 18 መኪኖች ገቡ። መዝገቡ «18 ለሽያጭ ዝግጁ» አለ፤ የሽያጭ ክፍሉም ያየውን አምኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ 14ቱን ለአዳዲስ ገዢዎች ሸጠ። ገንዘባቸውን ከፍለው ሲጠብቁ ከነበሩት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው ደውሎ «የእኔስ?» ባለ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ የቀሩት 4 ነበሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቆጣሪው ያጠፋው ጥፋት የለም። ቆጠራ መደርደሪያ ላይ ያለውን ይጽፋል፤ ባዶ መደርደሪያም ዜሮ ነው። ጥፋቱ ያለው፣ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን፣ ማለትም በእጃችን ያለውን ዕቃና ለሰዎች ያለብንን ዕዳ፣ በአንድ ቁጥር ውስጥ ማስቀመጣችን ላይ ነው። ነጋቲቭ 15 ስንት ሰው እንደሚጠብቅ አይናገርም፤ ማን ቀድሞ እንዳዘዘ፣ ለማን ምን ቀን እንደተቆረጠ አይናገርም፤ አንድ ሰው ትዕዛዙን ቢሰርዝ ቁጥሩ በአንድ ከፍ ይላል እንጂ የማን እንደተሰረዘ አይታይም። በዚያ ላይ በትክክል በተሠራ ቆጠራ የሚጠፋ መረጃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጌ ይህ ነው፦ ከወጪ ቀሪ ከዜሮ በታች አይወርድም። ከዜሮ በታች የወረደበትን ማንኛውንም የክምችት ካርድ ስታዩ፣ ወይ ገቢ ሳይመዘገብ የወጣ ዕቃ አለ፣ ወይም ዕዳ በክምችት ቁጥር ውስጥ ተደብቋል ማለት ነው፤ በሁለቱም መንገድ ማስተካከያ ከመሙላታችሁ በፊት ምክንያቱን ማግኘት አለባችሁ።

ብዙዎቹ የኢንተርኔት ሱቅ ፕሮግራሞች ወደዚህ ወጥመድ በቀላሉ ይመራሉ። ለምሳሌ ዉኮሜርስ ላይ በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር `Allow backorders?` የሚል ጥያቄ አለ፤ ምርጫዎቹም `Do not allow`፣ `Allow, but notify customer` እና `Allow` ናቸው። መካከለኛውን የመረጠ ነጋዴ ደንበኛውን እንዳሳወቀ አድርጎ ያስባል። ደንበኛው የሚያየው ግን ዕቃው በተጠባባቂነት እንደሚታዘዝ የሚገልጽ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ የሚናገር ቀን የለበትም፣ የክምችቱም ቁጥር ከዜሮ በታች መውረዱን ይቀጥላል። ቁልፉ ትዕዛዝ ለመቀበል በር ይከፍታል፤ ቀጠሮውን የሚይዝ መዝገብ ግን ለብቻው መዘጋጀት አለበት።

ያ መዝገብ ምን ይመስላል? ለአንድ ዕቃ አራት ቁጥሮች ተለይተው ይያዛሉ። መደርደሪያ ላይ ያለው፣ ከእርሱ ውስጥ ለተሸጠ ግን ገና ላልወጣ ትዕዛዝ የተያዘው፣ ከሁለቱ ልዩነት የሚገኘው ነጻ ዕቃ፣ እንዲሁም ከአቅራቢ ታዝዞ ገና ያልገባው ናቸው። ቆጠራ የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ የተጠባባቂዎች መዝገብ ይከፈታል፤ በውስጡ እያንዳንዱ ትዕዛዝ በራሱ መስመር ላይ የደንበኛውን ስም፣ የታዘዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ብዛቱን፣ የተቆረጠለትን ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከየትኛው ገቢ እንደሚሰጠው ይይዛል።

«ከየትኛው ገቢ» የሚለው ዓምድ የዛሬው ንግግሬ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ጠጋ ብለን እንየው። የልብስ ስፌት መኪናውን ታሪክ ልክ በተያዘ መዝገብ እንደገና ልሥራው። ከአቅራቢው 30 መኪና ታዝዟል፤ 18ቱ በ12ኛው ቀን፣ 12ቱ በ26ኛው ቀን እንደሚደርሱ አቅራቢው በጽሑፍ አረጋግጧል። እነዚህ ሁለት የገቢ መስመሮች ናቸው፤ በግዢ ትዕዛዙ ላይ በአንድ ቁጥር ስለተጻፉ ብቻ በመዝገባችን «30 ይገባል» ተብለው አይደመሩም። የሚጠብቁት 15 መኪኖች በ11 ትዕዛዞች የተከፈሉ ናቸው፦ መጀመሪያ አንዳንድ ያዘዙ 7 ሰዎች፣ ቀጥሎ 5 ያዘዘ አንድ የስፌት ማሠልጠኛ፣ ከዚያም አንዳንድ ያዘዙ 3 ሰዎች። ሁሉም በመጀመሪያው ገቢ ላይ ይታሰራሉ፤ ከ18ቱ 3 ነጻ ይቀራሉ።

አሁን አዲስ ሰው መጥቶ «መቼ ይደርሰኛል?» ቢል መልሱ ከመዝገቡ በቀጥታ ይወጣል። ከመጀመሪያው ገቢ ነጻ የሆኑት 3 እስኪያልቁ ድረስ የመጀመሪያው ቀን ይነገረዋል፤ አራተኛው ጠያቂ ግን የሁለተኛውን ገቢ ቀን ይሰማል። እስከ 10ኛው ቀን 6 አዳዲስ ሰዎች አዘዙ እንበል። ሦስቱ ከመጀመሪያው ገቢ ላይ ይታሰራሉ፣ እርሱም ሞላ፤ ሦስቱ ከሁለተኛው፣ በዚያም 9 ነጻ ይቀራሉ። በድምር የሚሠራ ሰው በዚሁ ጊዜ «30 ይገባል፣ 21 ታዟል፣ ገና ብዙ አለን» ብሎ ለሃያ አንዱም የ12ኛውን ቀን ይነግራቸው ነበር። ከሦስቱ ጋር የተጣላው ዕቃው ሳይደርስ በፊት፣ ቀኑን በቆረጠበት ሰዓት ነው።

ቀኑን ራሱን እንዴት እንቁረጠው? አቅራቢው 12 ስላለ ለደንበኛው 12 ማለት የተለመደ ስህተት ነው። 12 ዕቃው በመጋዘናችን በር ላይ የሚደርስበት ቀን ነው፤ ያውም አቅራቢው ቃሉን ከጠበቀ። እኔ የማደርገው፣ የዚያን አቅራቢ የመጨረሻ አሥር አቅርቦቶች አውጥቶ እያንዳንዱ ካለው ቀን ስንት ቀን እንደዘገየ መጻፍ ነው። እንዲህ ወጣ እንበል፦ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6፣ 14። አማካዩ 3 ቀን ከትንሽ ነው። ብዙ ሰው አማካዩን ወስዶ 3 ቀን ይጨምራል፤ ዝርዝሩን ግን አንድ በአንድ ብታዩት 3 ቀን የጨመረ ሰው ከአሥር ጊዜ ሦስቱን ቃሉን ያጥፋል፣ ምክንያቱም 5፣ 6 እና 14 ከ3 ይበልጣሉ። 6 ቀን የጨመረ ሰው የሚያጥፈው አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚጨመረው ቀን ከአማካዩ አይወሰድም፤ «ከአሥር ስንቱን ለማጠፍ ፈቃደኛ ነኝ?» ብሎ በመጠየቅ ከዝርዝሩ ይመረጣል። አሥራ አራቱን ለመሸፈን መሞከር ግን ዋጋ የለውም፤ ለአንድ ያልተለመደ መዘግየት ሲባል ለሁሉም ደንበኛ እጅግ የራቀ ቀን መንገር ይሆናል፣ እንዲህ ያለውን አጋጣሚ ኋላ እንደምናገረው ደንበኛውን በማሳወቅ መያዝ ይሻላል።

በዚህ ስሌት 12 ላይ 6 ሲጨመር 18 ይሆናል። ለመቁጠር፣ ለመፈተሽና ለማሸግ 2 የሥራ ቀናት፣ ለማጓጓዝ 2 ቀናት ጨምሩ፤ ለደንበኛው የሚነገረው «እስከ 22» ነው። በመካከል የእረፍት ቀን ካለ በዚያው ልክ ይገፋል፤ የእኛ የሥራ ቀንና የደንበኛው የቀን አቆጣጠር እንዳይምታቱ ለደንበኛው ሁልጊዜ የሚነገረው በቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ቀን ነው እንጂ «በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ» የሚል ሐረግ አይደለም። በሁለተኛው ገቢ ላይ የታሰሩትም እንዲሁ፦ 26 ላይ 6፣ 2 እና 2 ሲጨመሩ፣ ወሩ 30 ቀን ከሆነ፣ በሚቀጥለው ወር እስከ 6 ይሆናል።

ወደ 12ኛው ቀን እንምጣ። ዕቃው ደረሰ፤ አቅራቢው የላከው የማስረከቢያ ሰነድ 18 ይላል። እዚህ ላይ ገቢ የሚመዘገበው ከሰነዱ ተገልብጦ ከሆነ ቀሪው ሥራ ሁሉ ይበላሻል፤ ሳጥኖቹ መቆጠር አለባቸው። ተቆጠሩ፣ 13 ሆኑ። ሲከፈቱ የአንዱ እጀታ መንኮራኩር ተሰብሯል። ስለዚህ ለደንበኛ ሊሰጥ የሚችለው 12 ብቻ ነው። የተሰበረው ገቢ ይሆናል፣ ግን ለብቻው በተበላሸ ዕቃ ቦታና መዝገብ ላይ፤ ወደ ነጻ ዕቃ እንዳይቆጠር። አቅራቢው 5 ያልመጡና 1 የተበላሸ፣ በድምሩ 6 መኪና ይቀርበታል። ሲደወልለት «ከሚቀጥለው ጋር እልካለሁ» ቢልም በጽሑፍ ቀን እስኪሰጥባቸው ድረስ እነዚህ 6 በመዝገቡ ላይ ቀን የሌለው ገቢ ሆነው ይቆያሉ፤ ቀን በሌለው ገቢ ላይም ማንም ሰው አይታሰርም።

አንድ ነገር በቅንፍ ልበል፦ እንደ ኦዱ ባሉ ፕሮግራሞች ዕቃ ጎድሎ ሲመጣ `Create Backorder?` የሚል ጥያቄ ይወጣል። ይህ ስለ ደንበኛው ትዕዛዝ የሚጠይቅ አይደለም፤ የቀረውን ብዛት ከአቅራቢው መጠበቃችንን እንቀጥል ወይስ እንዝጋው ማለቱ ነው። ገቢ የሚያደርገው ሠራተኛ በቸልታ እንዳይጠበቅ ካደረገው የቀሩት 5 መኪኖች ከመዝገቡ ይጠፋሉ፣ አቅራቢውንም የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም።

አሁን በዚህ ገቢ ላይ የታሰረው ትዕዛዝ 18 መኪና ነው፤ በእጅ ያለው 12 ነው። ማን ይውሰድ? መሠረቱ የትዕዛዝ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ ያዘዘ ቀድሞ ይወስዳል። በዚህ መሠረት 7ቱ ሰዎችና ማሠልጠኛው 12ቱን ይጨርሳሉ፣ 6 ሰዎች ይቀራሉ። ነገር ግን አምስት መኪና የሚወስድ አንድ ደንበኛ በመካከል ሲኖር ስልክ መደወል አይከብድም። ማሠልጠኛው ተጠይቆ «ትምህርቱ በ25 ይጀመራል፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 3 ይበቃናል፣ ሁለቱ ከሚቀጥለው ይሁኑልን» አለ። ከዚያ በኋላ 7ቱና የማሠልጠኛው 3 ተደምረው 10 ይሆናሉ፣ የቀሩት 2 መኪኖች በተራ ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዎች ይሰጣሉ። የማሠልጠኛው መስመር በመዝገቡ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ 3 በመጀመሪያው፣ 2 በሁለተኛው ገቢ፤ ማን እንደተስማማና በየትኛው ቀን እንደተስማማም ይጻፋል። ተራን ያለ ባለ ተራው ፈቃድ ማዛባት ግን አልደግፍም። «ይህ ትልቅ ደንበኛ ነው» እየተባለ ከኋላ የመጣ ከፊት ሲደረግ፣ የተዘለሉት ሰዎች ቀን በማይታይ እጅ እየተገፋ ይሄድና በመጨረሻ ለምን እንደዘገየባቸው መዝገቡ ራሱ መልስ ያጣል።

የቀሩት 4 ሰዎች ወደ ሁለተኛው ገቢ ይዛወራሉ። በዚያ አስቀድመው 3 ታስረዋል፣ የማሠልጠኛው 2 አሉ፤ ከ4ቱ ጋር 9 ሆኑ፣ 3 ነጻ ይቀራሉ። የተዛወረ ሰው የታዘዘበት ቀን አብሮት ይዛወራል። ሁለተኛውም ገቢ ጎድሎ ቢመጣ እነዚህ 4 ሰዎች ቀድሞውኑ በዚያ ገቢ ላይ ከታሰሩት 3 ቀድመው ይወስዳሉ፤ በፊት ያዘዙት እነርሱ ናቸውና። በብዙ ሲስተም ትዕዛዝ ሲዛወር አዲስ ቁጥርና አዲስ ቀን ስለሚሰጠው ቀድሞ ያዘዘው ሰው ከሁሉም ኋላ ይሆናል። ይህን በራሳችሁ ሲስተም ላይ አንድ ትዕዛዝ አዛውራችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡት።

ከዚህ ሁሉ ሥራ በኋላ ገቢ የሆኑት 12 መኪኖች «ነጻ ዕቃ» በሚለው ዓምድ ውስጥ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን መታየት የለባቸውም። ገቢው ሲጸድቅ በቀጥታ ወደ ተያዘ ዕቃ መግባት አለበት። ገቢ ጠዋት ተመዝግቦ ምደባው ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ከሆነ በመካከል ያሉት ሰዓታት ለማንም ክፍት ናቸው፤ በዚያ ቀዳዳ ነው ዕቃው የሚሸሸው። ሲስተሙ ይህን በራሱ የማያደርግ ከሆነ፣ የተጠባባቂ ዕቃ ገቢ እስኪመደብ ድረስ ለሽያጭ በተዘጋ የመጋዘን ክፍል እንዲመዘገብ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ደንበኛውን ወደ ማሳወቅ እመጣለሁ። ከ4ቱ አንዷን ሴት እናስብ። «እስከ 22» ተብላለች። ዛሬ 12 ነው። ትዕዛዟ በአንድ ገቢ ላይ ታስሮ ስለነበር፣ ገቢው በጎደለበት ዕለት ማታ ስሟን መዝገቡ ራሱ ያወጣልናል፤ ቀጠሮዋ ሊያልቅ ገና 10 ቀን ሲቀረው ታውቃለች። ቀን ላይ የጨመርናቸው ቀናት ሁለተኛ ጥቅማቸው ይህ ነው፤ ክፉ ወሬ ቀድሞ እንዲደርስ ጊዜ ይሰጣሉ። የሚላክላት መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ያዘዙት የልብስ ስፌት መኪና እስከ 22 እንደሚደርስዎ ነግረንዎት ነበር። ዛሬ ከአቅራቢው የገባው ዕቃ ስለጎደለ ተራዎ ላይ ሳይደርስ አልቋል። አዲሱ ቀን በሚቀጥለው ወር እስከ 6 ነው፤ ከሚገባው ዕቃም ለእርስዎ አንድ መኪና በስምዎ ተይዟል። እስከዚያ መጠበቅ ካልፈለጉ ትዕዛዙን ሰርዘው የከፈሉትን በሙሉ መልሰው መውሰድ ይችላሉ። ምርጫዎን በዚህ ስልክ ይንገሩን። ስላዘገየንዎት ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ልብ በሉ፤ የቀድሞው ቀን ተጠቅሷል፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሯል፣ አዲሱ ቀን ግልጽ ነው፣ የመሰረዝ መብቷም ሳትጠይቅ ቀርቦላታል። «በቅርቡ ይደርስዎታል» የሚል ቃል የለበትም። «በቅርቡ» የሚል መልእክት የተላከለት ሰው በማግሥቱ ይደውላል፤ ቀን የተነገረው ሰው እስከ ቀኑ ይጠብቃል።

ይህ ጨዋነት ብቻ አይደለም፣ በብዙ አገር ሕግም ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውና ኋላም የኢንተርኔት ሽያጭን እንዲያካትት የተደረገው ደንብ፣ ሻጩ ቀን ካልተናገረ ዕቃውን በ30 ቀን ውስጥ መላክ እንደሚችል ተጨባጭ ምክንያት ሊኖረው ይገባል ይላል፤ መላክ ካልቻለም አዲሱን ቀን ማሳወቅና ያለ ወጪ የመሰረዝ ምርጫ መስጠት አለበት። መዘግየቱ እስከ 30 ቀን ከሆነ የደንበኛው ዝምታ እንደ መስማማት ይወሰዳል፤ ከዚያ ከበለጠ ወይም ቀኑ ካልታወቀ ግን ደንበኛው በግልጽ ካልተስማማ ትዕዛዙ ተሰርዞ ገንዘቡ ይመለሳል። በአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያ፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር ዕቃው ውሉ በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ እንዲደርስ ይደነግጋል። የራሳችሁን አገር ሕግ እዩ፤ በየትም ብትሆኑ ግን መቼ ምን ቀን እንደነገራችሁና መቼ እንዳሳወቃችሁ የሚያሳይ መዝገብ ካልያዛችሁ ሕጉን መጠበቃችሁን ማስረዳት አትችሉም።

መልእክት መቼ ይላክ ለሚለው ሦስት ምክንያቶች አሉ፤ ሁለቱን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል፦ አቅራቢው ቀን ሲቀይርና ዕቃው ጎድሎ ሲገባ። ሦስተኛው የሚረሳው ነው፤ ቀኑ አልፎ ዕቃው ሳይገባ፣ አቅራቢውም ምንም ሳይል ሲቀር። በዚህ ጊዜ መዝገቡ ላይ የተቀየረ ነገር ስለሌለ ማንም አይነቃም። ሲስተሙ የ12ኛውን ቀን ገቢ፣ ቀኑ 15 ሆኖም 17 ሆኖም፣ «ዛሬ ይገባል» እንደተባለ አድርጎ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ አዳዲስ ትዕዛዞችንም በዚያው ባለፈ ቀን ላይ እያሰረ ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በየጠዋቱ ቀናቸው ያለፈ የገቢ መስመሮችን ብቻ የሚያወጣ ዝርዝር ይታተም፤ በዝርዝሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር በዚያው ቀን ወይ አዲስ ቀን ያግኝ ወይም ቀን የሌለው ገቢ ይደረግ። ቀን ያለፈበት ገቢ በመዝገብ ላይ ሁለት ቀን ካደረ፣ በእርሱ ላይ የታሰሩት ሰዎች ሁሉ የማይሆን ቀን ይዘው እየጠበቁ ነው።

ቀን ሲቀየር የቀድሞው አይሰረዝም። የመጀመሪያው ቀጠሮ በአንድ ዓምድ፣ የአሁኑ በሌላ ዓምድ ይያዛል፤ በመካከል የተቀየሩት ደግሞ ከነምክንያታቸው በታሪክ ይቀመጣሉ። ብዙ ቦታ የማየው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ ዕቃው ሲዘገይ ቀኑ ይቀየራል፣ እንደገና ሲዘገይ እንደገና ይቀየራል፣ በመጨረሻ ዕቃው ሲደርስ በመጨረሻው ቀን ስለሆነ ሪፖርቱ «በቀጠሮው ደርሷል» ይላል። እንዲህ በሚያዝ መዝገብ ሦስት ጊዜ የተገፋችው ሴትም «በቀጠሮዋ» ከተስተናገዱት መካከል ትቆጠራለች። ቀጠሮ መጠበቃችንን የምንለካው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ እርሷ የምታስታውሰውም እርሱን ነው።

ስለ ቅድመ ትዕዛዝ የምጨምረው ጥቂት ነው። ለአዲስ ዕቃ ያለፉ አቅርቦቶች ስለሌሉ ያንን አሥር ቁጥር የምናወጣበት ታሪክ የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ከመቁረጥ ይልቅ የቀናት ክልል መንገር፣ ከእርሱም ጋር «ትክክለኛውን ቀን በዚህ ቀን እናረጋግጥልዎታለን» የሚል ሁለተኛ ቀጠሮ መስጠት ይሻላል። ያ የማረጋገጫ ቀን ራሱ በመዝገብ ላይ ይያዛል፤ ዕለቱ ሲደርስ አዲስ ወሬ ባይኖር እንኳ «እስካሁን አልተረጋገጠልንም፤ በዚህ ቀን እንደገና እንነግርዎታለን» ተብሎ ይላካል።

ሁለተኛው የምንቀበለው ትዕዛዝ ጣሪያ ነው። አቅራቢው ለእናንተ መድቤያለሁ ያለው 40 ከሆነ 40 ቅድመ ትዕዛዝ አትቀበሉ። አቅራቢዎች አዲስ ዕቃ ሲያከፋፍሉ ከጠየቁት ሁሉ ላይ መቀነሳቸው የተለመደ ነው፣ ተሰብሮ የሚመጣም አለ። እኔ 36 ላይ አቆም ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚመጣውን ቀን ሳይቆረጥለትና ገንዘብ ሳይወሰድበት በፈላጊዎች ዝርዝር እይዘዋለሁ። የተረጋገጠ ዕቃ ሲተርፍ ከዝርዝሩ በተራ ይጠራሉ። ምን ያህል ማስቀረት እንደሚገባ በዕቃው ዓይነትና በአቅራቢው ጠባይ ይለያያል፤ በምንም ሳይቀነስ እስከ ጫፍ መሸጥ ግን የመጀመሪያዋ ሳጥን በተሰበረች ቀን አንድን ሰው ማሳዘን ነው።

ሦስተኛው፣ ዕቃው ለሽያጭ ከሚለቀቅበት ቀን በፊት መጋዘን ሊደርስ መቻሉ ነው። ያን ጊዜ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ቆጠራም ያገኘዋል፣ ነገር ግን ሊሸጥም ሊላክም አይችልም። ለእንዲህ ያለው «ገብቶ የታገደ» የሚል የራሱ ሁኔታ ካልተሰጠው፣ በመደርደሪያው ያየው ሻጭ አንሥቶ ይሸጠዋል። የተቀበላችሁት ቀብድ ወይም ሙሉ ክፍያም በዚያን ጊዜ ገና ሽያጭ አይደለም፤ በሂሳብ መዝገብ ላይ ለደንበኛው ያለባችሁ ዕዳ ሆኖ ይቆያል፣ ወደ ሽያጭ ገቢ የሚዛወረውም ዕቃው ለደንበኛው ሲተላለፍ ነው። በየወሩ መጨረሻ ያልተላለፉ ቅድመ ትዕዛዞች ክፍያ ድምር በሂሳብ ክፍሉ ካለው የደንበኞች ቀብድ ሂሳብ ጋር መመሳከር አለበት። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ፣ ተልኮ ያልተዘጋ ትዕዛዝ አለ ወይም ተሰርዞ ገንዘቡ ያልተመለሰለት ሰው አለ፤ እኔ ፍለጋውን የምጀምረው ሁልጊዜ ከሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ተልኮ ያልተዘጋ ትዕዛዝ እኛን ብቻ ያስቸግራል፣ ገንዘቡ ያልተመለሰለት ሰው ግን ዕቃውንም ገንዘቡንም አጥቶ ይጠብቃል።